«ብረትም እንደ ብሎኬት ይሰበራል እንዴ?»

ከሁለት ዓመት በፊት ደብረ ብርሃን ዳርቻ ላይ ለሚሠራ ባለ ሦስት ክፍል ቤት የዕቃ ዝርዝር እንዳወጣ ተጠየቅሁ። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ብሎኬቱን፣ ብረቱንና ሲሚንቶውን የሚገዙት ራሳቸው ሲሆኑ ለግንበኛው የሚከፍሉት የእጅ ዋጋ ብቻ ነበር። ከእኔ በፊት ሌላ ባለሙያ የሠራላቸውን ወረቀት ከቦርሳቸው አውጥተው ዘረጉልኝ። ልኬቱ በጥንቃቄ የተወሰደ ነው። ነገር ግን በየመስመሩ ጫፍ፣ ከብሎኬት እስከ ሴራሚክ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ሰፍሮበታል፤ 5%።

«ልጄ፣ ይሄ አምስት ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የብክነት ነው፣ እትዬ። ለሚሰበረው፣ ተቆርጦ ለሚቀረው፣ ለሚፈሰው ተብሎ የሚጨመር።»

ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ብረትም እንደ ብሎኬት ይሰበራል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

አይሰበርም። ብሎኬት የሚባክነው ሲራገፍ ነው፤ ብረት የሚባክነው ሲቆረጥ፣ አሸዋ ደግሞ መሬት ላይ ሲቀር ነው። የሚባክንበት መንገድ እንዲህ ከተለያየ፣ ለሁሉም አንድ ቁጥር የሚሰጥ ሰው ስሌት አልሠራም ማለት ነው። ለእሳቸው ቤት ቁጥሩን ለየዕቃው እንዴት እንደፈለግን ልንገራችሁ።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት አለበት። ቴክ ኦፍ የምንለው፣ ከፕላኑ ላይ እየለካን ሥራው ስንት ሜትር፣ ስንት ካሬ፣ ስንት ኩብ እንደሆነ የምናወጣበት ወረቀት የሚይዘው የተጣራውን ልክ ነው። በአገራችን ለረጅም ጊዜ ያገለገለው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውና በተለምዶ ባትኮዳ የሚባለው የአለካክ ደንብም ሥራ የሚለካው ተሠርቶ ቦታው ላይ በተቀመጠበት መጠን እንዲሆን ያዛል። ሙሉ ኮንትራት የወሰደ ተቋራጭ ብክነቱን በነጠላ ዋጋው ውስጥ ያካትተዋል። እንደ መምህርቷ ዕቃውን ራሱ የሚገዛ ሰው ግን ብክነቱን ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ መቶኛው የሚጻፈው በልኬቱ ወረቀት ላይ ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ በሚዘጋጀው የግዢ ዝርዝር ላይ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ አንዱ ባለሙያ በልኬት ላይ፣ ሌላው በግዢ ላይ ይጨምርና ባለቤቱ ለአንድ ብክነት ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

የብሎኬቱ መስመር ላይ ያገኘሁት ይኸው ነበር። የቤቱ ግድግዳ በርና መስኮት፣ እንዲሁም ኮለኖቹ የሚይዙት ቦታ ሲቀነስ 84 ካሬ ሜትር ይሆናል። ወረቀቱ በካሬ 13 ብሎኬት አስልቶ 5% ጨምሮበት 1,147 ብሎኬት ይላል። ይህ «በካሬ 13» ማንኛውም ግንበኛ በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ከየት እንደመጣ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚጠይቀው። ብሎኬቱ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ስላለው፣ ያለ ምንም ሞርታር ቢደረደር በካሬ 12.5 ይገባል። 13 የመጣው በዚህ ላይ ለስባሪ ጥቂት ተጨምሮ ነው። ብሎኬት ግን ያለ ሞርታር አይገነባም። መጋጠሚያው አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን እያንዳንዱ ብሎኬት የሚይዘው ቦታ 41 በ21 ይሆናል፤ በካሬ የሚገባውም 11.6 ብቻ ነው። እንግዲህ 12.5 ሲባል ወደ 8% የሚጠጋ ብክነት በውስጡ አለ። 13 ሲባል 12% ይሆናል። በዚያ ላይ 5% ሲጨመር ከ17% ያልፋል።

ለዚያ ግድግዳ የሚያስፈልገው የተጣራ ብሎኬት 975 ነው። ከወረቀቱ ቁጥር ጋር የ172 ብሎኬት ልዩነት አለው። ይህ ሁሉ ብሎኬት ቤቱ ካለቀ በኋላ አጥር ሥር ተከምሮ ይታያል፤ ብዙ ግቢ ውስጥ አይቼዋለሁ።

ታዲያ ትክክለኛው መቶኛ ስንት ነው? ይህን የሚነግረን መጽሐፍ ሳይሆን ብሎኬቱ ራሱ ነው። መምህርቷ መጀመሪያ 200 ብሎኬት ብቻ እንዲያስመጡ አደረግንና ከአይሱዙው ሲራገፍ ቆመን ቆጠርን። 9 ብሎኬት ከጥቅም ውጪ ሆነ፤ 4.5% ማለት ነው። ለሁለት የተከፈሉትን አልቆጠርናቸውም፤ ማዕዘንና የበር ዳር ላይ ግማሽ ብሎኬት ያስፈልጋልና። ግንበኛው በመዶሻ ልክ ሲያወጣ ለሚያበላሸው 3% ጨመርንና 7.5% ያዝን። 975 ላይ ሲደመር ወደ 1,050 ይጠጋል። በካሬ 12.5 ብለን፣ ምንም መቶኛ ሳንጨምር ብናሰላም እዚያው እንደርሳለን።

ቆጠራው ከ10% በላይ ቢያወጣ ኖሮ መቶኛውን ከፍ አላደርገውም ነበር። ብሎኬቱን ነበር የምመልሰው። እንዲህ የሚሰባበር ብሎኬት ወይ ሲሚንቶው አንሷል፣ ወይ ውሃ ሳይጠጣ ገና በለጋነቱ ተጭኗል። ሁለት ብሎኬት እርስ በርስ ሲነካኩ ጠንካራው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ለጋው ግን የታፈነ ድምፅ ነው ያለው፣ ጠርዙም በጣት ሲታሽ ይረግፋል። ደካማ ዕቃን በብክነት መቶኛ ማካካስ አይቻልም፤ ያልተሰበረውም ግድግዳው ውስጥ ደካማ እንደሆነ ይቀመጣልና።

ወደ ብረቱ እንምጣ። ብዙ ገንዘብ ያለው እዚህ ነው፤ ብክነቱም ከሁሉ ይልቅ በእጃችን ነው።

ብረት የሚሸጠው በ12 ሜትር ቤርጋ ነው። ስለዚህ ብክነቱን የሚወስነው የምንፈልገው ርዝመት ከ12 ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚወጣና ስንት እንደሚተርፍ ነው። የመምህርቷ ቤት 9 ኮለን አለው። እያንዳንዱ ባለ 12 ሚሊ ሜትር አራት ብረት ይይዛል። ከፉቲንጉ እግር እስከ ላይኛው ቢም፣ መታጠፊያው ተጨምሮ፣ አንዱ ብረት 5.20 ሜትር ነው። በድምሩ 36 ብረት፣ 187.2 ሜትር ይሆናል። ከአንድ ቤርጋ ሁለት ብረት ይወጣና 1.60 ሜትር ይተርፋል። ስለዚህ 18 ቤርጋ ያስፈልጋል። 187.2 ላይ 5% ጨምሮ ለ12 ያካፈለ ሰው ግን 17 ቤርጋ ነው የሚያገኘው፤ ሥራው መሀል ላይ አንድ ቤርጋ ይጎድልበታል። ትክክለኛው ትርፍ ቁራጭ ከተጣራው ከ15% በላይ ነውና 5% ሊሸፍነው አይችልም።

አሁን የፉቲንጉን ብረት እንመልከት። ፉቲንጎቹ 1.20 በ1.20 ናቸው። ለኮንክሪት ሽፋን በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ 1.10 ይቀራል፤ ሁለቱ ጫፎች 20፣ 20 ሳንቲ ሜትር ሲታጠፉ አንዱ ብረት 1.50 ሜትር ይሆናል። እሱም ባለ 12 ሚሊ ነው። በአንድ ፉቲንግ በሁለቱም አቅጣጫ 8፣ 8 ስለሆነ በ9 ፉቲንግ 144 ብረት እንፈልጋለን። ከአንድ ቤርጋ 8 ቁራጭ ያለ ምንም ትራፊ ይወጣል፤ ስለዚህ 18 ቤርጋ ይበቃል። ከኮለኑ ጋር 36 ቤርጋ ማለት ነው።

ግን ከኮለኑ የተረፉት ቁራጮች እኮ 1.60 ሜትር ናቸው፤ ፉቲንጉ የሚፈልገው 1.50 ነው! 18ቱን ቁራጮች ለፉቲንጉ ካዋልናቸው የሚቀረው 126 ብረት ነው፤ ለእሱም 16 ቤርጋ ይበቃል። ድምሩ ከ36 ወደ 34 ይወርዳል። የሚባክነው የ18 ቁራጮች አሥር አሥር ሳንቲ ሜትርና ሁለት ትርፍ ብረት፣ በአጠቃላይ 4.8 ሜትር ነው። ከተጣራው 403.2 ሜትር አንጻር 1.2% መሆኑ ነው።

በጣም የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የቀድሞው ወረቀት 403.2 ላይ 5% ሲጨምርና ወደ ሙሉ ቤርጋ ሲያጠጋጋ 36 ቤርጋ ያወጣል። ልክ ቁራጩ ሁሉ ቢጣል የሚያስፈልገው ቁጥር ነው። ማለትም አምስት ፐርሰንቱ በአጋጣሚ ለመጥፎ አቆራረጥ አስቀድሞ ከፍሏል። ቁራጩ ሲጣል ማንም «ብረት አነሰ» ብሎ አይጮኽም፤ ስለዚህ ማንም አያየውም።

ይህን ለፌራዮው ስነግረው ወዲያው አልተቀበለኝም። «ኢንጂነር፣ መሬት ቀድሞ የሚገባው ፉቲንግ ነው፤ ኮለን ቀድሞ ይቆረጣል እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሥራው ቅደም ተከተል ከመሬት ወደ ላይ ነው። ግን መቁረጥና መትከል የተለያዩ ናቸው። ብዙ ሳይት ላይ ብረት የሚባክነው ሁልጊዜ ቀድሞ የሚገባው፣ አጭሩ፣ ከሙሉ ቤርጋ ላይ ስለሚቆረጥ ነው። በኋላ ረጅሙ ሲቆረጥ የሚተርፈው ቁራጭ የሚገባበት አይኖርም፤ ፉቲንጉ ተሞልቶ አልቋል። ስለዚህ መጀመሪያ የኮለኑ ብረት ይቆረጥ፣ ቁራጩ ለፉቲንግ ይለይ፣ ከዚያ ሥራው በቅደም ተከተሉ ይሂድ ተባባልን። የአቆራረጡን ዝርዝር በካርቶን ላይ ጽፈን የመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ሰቀልነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንዱ፣ ብረት ሲቀጠል የሚደራረበው ርዝመት ብክነት አይደለም። ለ12 ሚሊ ብረት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል መደራረብ የተለመደ ነው፤ ይህ የቤቱ አካል ስለሆነ ቴክ ኦፉ ላይ ሜትር ሆኖ መቆጠር አለበት። መቶኛ ውስጥ ከተደበቀ ብረቱ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ኮንክሪቱ ውስጥ ስለሚቀበር አይታይም። ሁለተኛው፣ ከ6፣ ከ4፣ ከ3 ሜትር ጥቂት የሚያልፉ ልኮችን መጠርጠር ነው። 5.95 ሜትር የሆነ ብረት ከቤርጋው ሁለት ይወጣል። 6.05 ከሆነ ግን አንድ ብቻ ወጥቶ 5.95 ሜትር ይተርፋል። በአሥር ሳንቲ ሜትር ልዩነት የሚገዛው ብረት እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ያለ ልክ ሲያጋጥመኝ መቶኛ ከመጨመሬ በፊት ዲዛይኑን ለሠራው መሐንዲስ ደውዬ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ እጠይቃለሁ። እሱ ሳይፈቅድ ግን አንድ ሳንቲ ሜትርም አይቀነስም።

አሸዋ ሌላ ዓለም ነው። በቢያጆ ይገዛል፣ መሬት ላይ ይደፋል፣ ከዚያ በአካፋ ይነሳል። አንድ 10 ሜትር ኩብ የሚሆን ክምር ወደ 5 ሜትር ስፋትና 1.50 ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። የተኛበት መሬት ወደ 20 ካሬ ሜትር ነው። ከሥር 5 ሳንቲ ሜትሩ ከአፈር ጋር ተደባልቆ ቢቀር አንድ ሜትር ኩብ ሄደ ማለት ነው፤ ከአሥር አንዱ። ነፋስና ጎርፍ የሚወስደው ገና አልተቆጠረም። ክምሩ ሲያንስ ደግሞ ከይዘቱ አንጻር የሚነካው መሬት ይበዛል፤ ስለዚህ አንዱን ቢያጆ ሦስት ቦታ መድፋት ብክነቱን ያበዛዋል። ለአሸዋ ከ10% እስከ 15% የምይዘው በዚህ ምክንያት ነው። መምህርቷ ግን ሸራ አንጥፈው፣ ሦስቱን ጎን በተሰባበረው ብሎኬት አጥረው ሲጠብቁኝ ወደ 6% አወረድኩት።

ከብክነት ጋር የሚምታታ ሌላም ነገር አለ። እርጥብ አሸዋ ያብጣል። በቅንጣቶቹ መሀል ያለችው ጥቂት እርጥበት ገፍታ ታራርቃቸዋለችና በክረምት የተጫነ ቢያጆ ከበጋው ያነሰ አሸዋ ይዞ ሙሉ መስሎ ይመጣል። ለማወቅ ባልዲ ይበቃል። አሸዋውን ሳይጠቀጠቅ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ ሙሉት፣ ገልብጡትና ባልዲው ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ አሸዋውን መልሱት። ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲያጠልቀው እብጠቱ ይጠፋል። ከፍታው ወደ 16 ከወረደ ከሚገባው በ25% አብጦ ነበር ማለት ነው፤ የከፈላችሁበት 10 ኩብም በእውነቱ 8 ነው። ይህ ከአቅራቢው ጋር በዋጋ የምንነጋገርበት ጉዳይ እንጂ የብክነት መቶኛ አይደለም። ኮንክሪት በሳጥን እየተለካ ሲቦካም እብጠቱን ያላሰበ ሰው አሸዋውን ያሳንሳል።

ሲሚንቶ ላይ ብዙ አልቆይም። በደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ ላይ ከተቀመጠና ቶሎ ከዋለ 3% ይበቃዋል። «ሲሚንቶ በላብን» የሚባለው ቅሬታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከልስን የሚመጣ ነው፤ መንስኤውም ብክነት ሳይሆን ውፍረት ነው። የዚያ ቤት ግድግዳ ሁለቱም ገጽ 168 ካሬ ሜትር ነው። በ2 ሳንቲ ሜትር ልስን 3.36 ኩብ ሞርታር ይፈልጋል። ግድግዳው ዘሞ ውፍረቱ ወደ 2.5 ቢደርስ አንድ አራተኛ ይጨምራል፤ በአንድ ለአራት ቅይጥ 6 ከረጢት ሲሚንቶ ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ የልስኑን ሲሚንቶ ከመግዛቴ በፊት ቱምቢና ሲባጎ ይዤ ግድግዳውን እዞራለሁ። የት የት ስንት እንደጎበጠ ከለካሁ በኋላ የምጽፈው አማካይ ውፍረት ከማንኛውም መቶኛ ይልቅ የታመነ ነው።

የመጨረሻው ሴራሚክ ነው፤ እሱም እንደ ብረት የአቆራረጥ ጉዳይ ነው። የመምህርቷ መኝታ ቤት 3.40 በ3.40 ነው፤ 11.56 ካሬ። የመረጡት ሴራሚክ 60 በ60 ነበር። በአንድ ረድፍ አምስት ሙሉ ሴራሚክ ይገባና 40 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። ከአንድ ሴራሚክ ባለ 40 የሚወጣው አንድ ብቻ ነው፤ የሚተርፈው 20 ሳንቲ ሜትር ወለሉን አይሞላም። ስለዚህ ስድስት በስድስት፣ 36 ሴራሚክ ያስፈልጋል፤ 12.96 ካሬ ማለት ነው። ብክነቱ 12% ሆነ። በ5% ቢሰላ 34 ይወጣና ሁለት ሴራሚክ ይጎድላል። ክፍሉ 3.10 ቢሆን ኖሮ ግን የሚቀረው 10 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከአንድ ሴራሚክ አምስት ቁራጭ ይወጣ ነበርና ብክነቱ እጅግ ያንሳል። ለሴራሚክ ክፉው ልክ ከግማሹ ጥቂት የሚያልፈው ነው። ይህን ለማወቅ ክፍሉን በካሬ ማባዛት አይበቃም፤ ወረቀት ላይ ረድፉን መሳል ያስፈልጋል። አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

የተረፉትን ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ቁራጮች ግን አልጣልናቸውም። 11 ነበሩ። እያንዳንዳቸው ለሁለት ሲሰነጠቁ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው 22 ዞኮሎ ሆኑ፤ ሲደረደሩ 13.2 ሜትር። የክፍሉ ዙሪያ የበሩ ስፋት ሲቀነስ 12.7 ሜትር ነበር። አንጣፊው ለዞኮሎ ብሎ አንድም አዲስ ሴራሚክ አልቆረጠም።

መምህርቷ በዚህ መስመር ላይ ብቻ ከእኔ ስሌት በላይ እንዲገዙ መከርኳቸው፤ ሳይከፈት የሚቀመጥ አንድ ካርቶን። ከዓመታት በኋላ አንዱ ሴራሚክ ቢሰነጠቅ ተመሳሳይ ቀለም ማግኘት አይቻልም፤ በተለያየ ጊዜ የተመረተው ሁሉ ትንሽ ይለያልና። ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ወለሉ ላይ ከተነጠፈው ጋር አንድ መሆኑን አይተው ከአልጋቸው ሥር አስቀመጡት።